ከታች ያለው ሳይለካ «ስጋት የለም» ማለት አይቻልም፦ ግልጽ ደብዳቤ ለሐይቆቻችን ኃላፊ ጽሕፈት ቤት

የቢሾፍቱ ሐይቆች ጥበቃና አስተዳደር ኃላፊነት ለተሰጠው ጽሕፈት ቤት፣

ጤና ይስጥልን።

እኛ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከአቃቂ መውጫ ጀምሮ እስከ ቢሾፍቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህራን ነን። ብዙዎቻችን የምንኖረው እዚያው ሐይቆቹ ዳር ነው። የቀሩትም ቢሆኑ ተማሪዎቻቸውን ይዘው የማይወርዱበት ዓመት የለም። ለመጻፍ ያነሳሳን በቅርቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ሐይቆቻችን ምንም ዓይነት የጋዝ ስጋት የለባቸውም። ካሜሩን ውስጥ የደረሰው እዚህ አይደርስም፤ የእኛ ሐይቆች ያን ያህል ጥልቅ አይደሉም። ነዋሪው በአሉባልታ እንዳይሸበር።» ወረቀቱ በተለጠፈበት ሳምንት፣ ሐይቁን በራሳችን ጊዜና ጉልበት እንድንለካ ያቀረብነውን ጥያቄ እንዳልተቀበላችሁት የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ሳምንት መምጣታቸው ነው ይህን ያጻፈን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሐይቆቹ ሰው ሊገድሉ ነው አላልንም፤ አሁንም አንልም። የምንለው፣ ስጋት አለ ወይም የለም የሚባለው ከታች ያለው ውሃ ተለክቶ ነው። ከዳር ቆሞ በማየት ይህ አይታወቅም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ካሜሩንን የጠቀሳችሁበት መንገድ ነው። ኒዮስ የሚባለው ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠረ፣ ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ማታ 3 ሰዓት ገደማ በውስጡ ተከማችቶ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ወጣ። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወደ ሰማይ አልተበተነም። እንደ ጎርፍ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ወረደ። ከ1,700 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሐይቁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተኛ ሰው ሳይቀር ሞቷል። ከብቱም በሺዎች አለቀ። ከሞት የተረፉት ብዙ ሰዓት ራሳቸውን ስተው ከቆዩ በኋላ ሲነቁ ቤተሰባቸውን አጠገባቸው ሞቶ አገኙ። የኩራዛቸው መብራት ላምባው ሳያልቅ ጠፍቶ ነበር። ቤት አልፈረሰም፣ እሳት አልተነሳም፤ መንደሮቹ ውስጥ ከሬሳው በቀር ለሰው ዓይን የተለወጠ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ማስታወቂያችሁ «ጥልቀት» የምትለውን ቃል ይዞ ያልፋል። ከኒዮስ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1976 ዓ.ም. እዚያው ካሜሩን ውስጥ ሞኑን በሚባል ሐይቅ 37 ሰው ሞቷል። የሞኑን ጥልቀት 100 ሜትር ገደማ ነው። የእኛ የቢሾፍቱ ሐይቅ በጥልቁ በኩል 87 ሜትር ይደርሳል፤ ባቦጋያ ደግሞ 65 ሜትር ገደማ። ሆራ ከነዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ስለሱ ክርክር የለንም። ነገር ግን 100 ሜትር ገዳይ ከሆነ 87 ሜትርን በጥልቀቱ ብቻ «ያን ያህል አይደለም» ብሎ መዝጋት አይቻልም። ከማስታወቂያው መነሳት ያለበት ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው።

ጥልቀት ለምን እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎቻችን እንዴት እንደምናስረዳ እንንገራችሁ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሳይከፈት ምንም አረፋ አይታይበትም። ክዳኑ ሲነሳ ግፊቱ ይቀንስና ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ሐይቅ ላይ የክዳኑን ሥራ የሚሠራው ከላይ የተጫነው ውሃ ራሱ ነው። ወደ ታች በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ግፊት ያህል ይጨመራል። በሐይቁ ገጽ ላይ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ሊትር የማይሞላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። 200 ሜትር ታች ግን ከ15 ሊትር በላይ ሊሸከም ይችላል። በ87 ሜትር ደግሞ፣ የአካባቢያችን ከፍታ የአየሩን ግፊት መቀነሱን ከግምት አስገብተን ስናሰላው፣ ከ7 ሊትር በላይ ይሆናል። ይህ ሊሸከም የሚችለው እንጂ የተሸከመው አይደለም። አሁን ስንት እንደተሸከመ ነው መልስ የሌለው።

ጋዙ ከየት ይመጣል ለሚል፣ ኒዮስ ላይ ምንጩ ከምድር ውስጥ ከቀለጠ ዐለት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በስንጥቆች እየተመራ ከጉድጓዱ በታች ወዳለው ውሃ ይገባል፤ እሱም ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ወለል ይሠርጋል። ምንም ድምፅ የለውም፣ ዓመታትን ይወስዳል። አምቦ ላይ ያለው ተፈጥሯዊ ጋዝ ያለበት ውሃም የእሳተ ገሞራ አገር ልጆች መሆናችንን ያስታውሰናል። የእኛ ሐይቆች ወለል ላይ እንዲህ ያለ ፍሰት መኖር አለመኖሩን ግን ለክተን እንጂ በአምቦ ተመስጠን አናውቀውም።

የኒዮስ መከራ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሳይደባለቅ በመቆየቱ ነው የመጣው። ከታች ያለው ውሃ ማዕድንና ጋዝ ስለሟሟበት ከበድ ብሎ ተቀመጠ፤ ከላይ ያለው ቀለል ብሎ ተንሳፈፈ። ሁለቱ ስለማይደባለቁ ጋዙ መውጫ አጣ። ክምችቱ ውሃው ሊሸከም ከሚችለው ጋር ሲቀራረብ፣ ትንሽ ውሃ በሆነ ምክንያት ወደ ላይ ከፍ ካለ ይበቃል። ግፊቱ ይቀንሳል፣ አረፋ ይፈጠራል። አረፋ ያለበት ውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይነሳል፤ ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ውሃ ይስባል፤ ያም አረፋ ይሆናል። አንዴ ከተነሳ በኋላ ራሱን በራሱ ያንቀሳቅሳል። ማግስቱን የኒዮስ ሐይቅ ገጽ ቀይ ቡናማ ሆኖ ነበር የታየው፤ ከታች የወጣው ብረት አየር ሲያገኝ ዛገ።

ያን ሌሊት መጀመሪያ የነካካው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ባለሙያዎች አልተስማሙም። የገደል መደርመስ ነው የሚሉ አሉ፣ ቀዝቃዛ ዝናብ ወይም ነፋስ ነው የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ቅሬታችን የሚነሳው ከዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። እኛም ቤት ውስጥ አምፖሉ ሲወዛወዝ አይተናል። ያን ጊዜ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው «ሐይቁ ይፈነዳል» እየተባለ አደረ። ዕቃውን ጭኖ ዘመድ ቤት የሄደ አለ። ቤቱን በርካሽ ለመሸጥ የተደራደረ ጎረቤትም አለን። ከጽሕፈት ቤታችሁ የመጣው መልስ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ነበር፦ «ወሬ የሚያናፍስ ተጠያቂ ይሆናል»። ሰውየው ሊሰማው ይገባ የነበረው ሌላ ነገር ነበር። መንቀጥቀጥ ጋዝ አይፈጥርም፤ ማውጣት የሚችለው ቀድሞ የተከማቸ ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ሐይቅ ቢንቀጠቀጥም ጋዝ አይተፋም፤ የሞላ ሐይቅ ደግሞ መንቀጥቀጥ እስኪመጣ ላይጠብቅ ይችላል። ነካኪውን ማንም መቆጣጠር አይችልም። ክምችቱን ግን ማወቅና መቀነስ ይቻላል። ይህን በአንድ አንቀጽ የሚነግረው ቢኖር ያ ጎረቤታችን ቤቱን ለሽያጭ አያወጣም ነበር።

ሦስተኛው ባለፈው ታኅሣሥ የሆነው ነው። ከቀዝቃዛ ሌሊቶች በኋላ አንድ ጠዋት የቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር በቆሮሶ ሬሳ ነጭ ሆነ። ገና ያልሞቱት አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውሃው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ቀለሙም ከወትሮው ደብዝዟል። አንድ ጀልባ ቀዛፊ፣ ልጅነቱን ጨምሮ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ የኖረ ጋሼ፣ «ብርዱ ሲጠና እንዲህ ይሆናል፤ ሐይቁ ተገለበጠ ነው የምንለው» አለን። ከጽሕፈት ቤታችሁ የመጣው ሠራተኛ ዳር ላይ ቆሞ ፎቶ አንሥቶ ሄደ። የውሃ ናሙና አልወሰደም፤ ከታች ቀርቶ ከላይም። ከሰዓት በኋላ «ዓሣው የሞተው በመርዝ አይደለም፣ ስጋት የለም» ተባለ። ማታ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ «ኒዮስ መጣ» ይል ነበር።

ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ስለሚበርድ የሐይቁ የላይ ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች የነበረው፣ ኦክስጅን ያለቀበትና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ወደ ላይ ይመጣል። ዓሣው የሚያልቀው በዚህ ነው። ይህ ከኒዮስ ፍጹም የተለየ ነገር ነው። እንዲያውም የሚያጽናና ጎን አለው፦ ሐይቅ በየዓመቱ እስከ ወለሉ ከተደባለቀ ከታች የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ጥቂት በጥቂቱ አየር ላይ ይወጣል እንጂ ለአሥርተ ዓመታት አይከማችም። ለዓሣ አስጋሪው ያ ጠዋት ኪሳራ ነው፤ ለሰፈሩ ግን ሐይቁ እየተነፈሰ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ያልነው ሆን ብለን ነው። መደባለቁ እስከ ስንት ሜትር እንደወረደ ከዳር አይታይም። እስከ 30 ሜትር የሚገለበጥ ውሃም ዓሣ ለመግደል ይበቃል፤ ከ30 እስከ 87 ሜትር ያለው ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። ብርዱ በቀላሉ ባለፈበት ዓመት ደግሞ መደባለቁ ይበልጥ ያጥራል። እናንተ ያን ጠዋት አንድ ጀልባ አስወጥታችሁ ገመድ ላይ የታሰረ ቴርሞሜትር ብታወርዱ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አንጽፍም ነበር። ሙቀቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ከሆነ ውሃው ተደባልቋል ማለት ነው። ከሆነ ጥልቀት በኋላ በድንገት ከተለወጠ መደባለቁ እዚያ ጋ ቆሟል። ወደ ታች ሲወርዱ ሙቀቱ ተመልሶ ከጨመረ ግን ነገሩ ማንቂያ ነው። የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከቀዝቃዛው በታች አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ የሚያከብደው የሟሟ ነገር አለበት፣ ከሥሩም የሚያሞቀው ምንጭ ይኖራል። ኒዮስ ወለል ላይ የታየው እንዲህ ያለ ሙቀት ነው።

አራተኛው ቅሬታችን ስለተከለከልነው ልኬት ነው። የጠየቅነው ጀልባ በኪራይ ወስደን ሙቀትና የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ከላይ እስከ ወለል እንድንለካ ነበር። ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን ሲበዛ ያ ቁጥር ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ልኬቶች አብረው ውሃው በንብርብር መቆሙን ይነግሩናል። መልሳችሁ «የሚመለከተው ሌላ አካል ነው» የሚል ነበር። የትኛው አካል እንደሆነ አልተጻፈም። በስልክ ስንጠይቅ «ሕዝቡን ታስደነግጣላችሁ» ተባልን። ሕዝቡ እኮ ደንግጧል። ያስደነገጠውም አለመለካቱ ነው።

የጋዙ መጠን ራሱ በቴርሞሜትር አይታወቅም፤ ይህን አንደብቅም። ውሃው ከታች ተቀድቶ ክፍት ሆኖ ከወጣ ጋዙ በመንገድ ያመልጣል፤ በባልዲ ተቀድቶ ላቦራቶሪ የገባ ናሙና «ንጹሕ» ቢባልም ምንም አያረጋግጥም። ካሜሩን ላይ ከተሠራባቸው መንገዶች አንዱ ግን ውድ መሣሪያ አይፈልግም፦ ፖታስየም ሃይድሮክሳይድ አስቀድሞ የገባበት የፕላስቲክ መርፌ በገመድ ይወርዳል፣ እዚያው ታች ውሃውን ይስባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሳያመልጥ እዚያው ይያዛል። የቀረው የላቦራቶሪ ሥራ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍል በጥንቃቄ ሊሠራው ይችላል። እኛ ያንን ለብቻችን እንሥራ አላልንም፤ ሙቀቱን ከለካን በኋላ ከሚችሉ ጋር ተያይዘን እንድንቀጥል ነበር ሐሳባችን።

የተከማቸ ቢገኝስ የሚል ፍርሃት ካለ፣ መፍትሔው ታውቋል። ኒዮስ ላይ በፈረንጆች 2001 ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ወለሉ አቅራቢያ ተተከለ። መጀመሪያ በፓምፕ ትንሽ ውሃ ይሳባል፤ ከዚያ በቱቦው ውስጥ አረፋው ራሱ ውሃውን ይገፋና ፓምፑ አያስፈልግም። ውሃው እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ እየተረጨ ጋዙን ጥቂት በጥቂቱ አየር ላይ ይለቃል። የገደለው ኃይል በልክ ሲለቀቅ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። በ2011 ሁለት ቱቦ ተጨመረ። ሞኑንም ከ2003 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ጋዙ ወጥቷል። ስለዚህ መጥፎ ቁጥር ማግኘት ሰው ከቀዬው የሚፈናቀልበት ፍርድ አይደለም።

የምንጠይቀው ይህ ነው።

ማስታወቂያው ይነሳ፤ በምትኩ ምን እንደሚታወቅና ምን ገና እንዳልተለካ የሚናገር ይለጠፍ። የዓሣ ሞትና የጋዝ መገንፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍበት፤ የጽሑፉን ረቂቅ ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ እኛ እንሠራዋለን።

በቢሾፍቱ ሐይቅና በባቦጋያ ከኅዳር እስከ ጥር በየወሩ፣ በቀሪው ዓመት ደግሞ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ሙቀትና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ከገጽ እስከ ወለል ይለካ። እናንተ ካልቻላችሁ ፈቃዱን ስጡንና እኛ እንለካ። ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ከመደባለቁ በፊትና በኋላ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከወለሉ በዝግ ዕቃ የተወሰደ የጋዝ ናሙና ይመርመር። አንድ ዓመት ዝቅ ያለ ቁጥር ማየት አይበቃም፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ተከታትሎ እየጨመረ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት።

በሐይቁ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከገደሉ በታች ለሚሠሩ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና የሆቴል ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ይሰጥ። ከባድ ጋዝ መጀመሪያ የሚሞላው ጉድጓዱን ነው፤ የሚፈሰውም ከዙሪያው ዝቅ ባለው አፋፍ በኩል ነው። ስለዚህ የቱ አፋፍ ዝቅ እንደሚል፣ የቱ መንገድ ቶሎ ወደ ከፍታ እንደሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ይወቅ። የወደቀ ሰው ለማንሳት ወደ ታች መሮጥ ሁለተኛ ሬሳ እንደሚጨምርም ይነገር። ሻማ ወይም ኩራዝ ይዞ መፈተሽ እንደማያስተማምን እንዲሁ፤ መብራቱ እስኪጠፋ ሰው ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል።

በመጨረሻም ለጥያቄያችን የሰጣችሁት መልስ እንደገና እንዲታይና «ሌላ አካል» የተባለው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን። መልሱን ከኅዳር በፊት ብናገኝ የዘንድሮው ብርድ ሳያልፈን መጀመር እንችላለን። ቁጥሩ ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ ለተማሪዎቻችንና ለጎረቤቶቻችን በየክፍሉና በየእድሩ የምንናገረው እኛው ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

የኬሚስትሪ መምህርና የመምህራኑ ቡድን ጸሐፊ
በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ የሚያስተምሩ የሳይንስና የጂኦግራፊ መምህራንን በመወከል

ግልባጭ፦
ለሐይቆቹ ዙሪያ ነዋሪዎች እድሮች
ለጀልባ ቀዛፊዎችና ዓሣ አስጋሪዎች